የመቶ ዶላር ኖትና የአምስት ዶላር ኖት ምንዛሬ ለምን ይለያያል?

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ የወረደ ሰው አራት መቶ ዶላር ይዞ «ዛሬ ምንዛሬው ስንት ነው?» ቢል መንዛሪው «እስቲ ዶላሩን አሳየኝ» ይለዋል። ኖቶቹን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም።

ሰውየው ሁለት አዳዲስ መቶዎች፣ ሃያ ባለ አምስት ኖቶችና አንድ የደከመ አሮጌ መቶ አለው እንበል። ለምሳሌ ያህል ንጹሁ መቶ በ150 ብር ሒሳብ ቢመነዘር፣ አምስቶቹ በ145፣ አሮጌው በ142 ሊያዙ ይችላሉ። በእጁ የሚገባው 58,700 ብር ነው፤ ሁሉም ንጹህ መቶ ቢሆን ግን 60,000 ያገኝ ነበር።

መንዛሪው ዶላሩን የሚገዛው መልሶ ለመሸጥ ነው። ገዢው ከሐርጌሳ ወይም ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ቶሎ የሚቆጠርና በቀላሉ የሚጓጓዝ ገንዘብ ነው። አንድ የዶላር ኖት አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። መቶ ሺህ ዶላር በባለ መቶ ኖት አንድ ኪሎ ሲሆን በባለ አምስት ግን ሃያ ኪሎ ይሆናል፤ አንድ በአንድ የሚታዩትም ሃያ ሺህ ኖቶች ናቸው። ቅናሹ የዚህ ድካም ዋጋ ነው።

የአሮጌው መቶ ጉዳይ ሌላ ነው። አሜሪካ ያወጣችውን ኖት አትሽርም፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመው፣ ምስሉ ትንሽ የሆነውም ዛሬ ሕጋዊ ነው። ግን ቀለም የሚቀይረው ቁጥርም ሆነ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው ሰማያዊ ጥብጣብ የለውም። እውነተኛነቱን ለመለየት ይከብዳል፤ ቀጣዩ ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ይሸሸዋል። የተቀደደ፣ ማኅተም ያረፈበት ወይም ቀለም የፈሰሰበት ኖትም እንዲሁ ነው። ከግማሽ በላይ የተረፈ ኖት ዋሽንግተን ላይ ሊለወጥ ይችላል፤ ዋሽንግተን ግን ከቶጎ ውጫሌ ሩቅ ነው።

በፕላስተር የተለጠፈ ኖት ሲመጣ መንዛሪው በግራና በቀኝ ያሉትን ተከታታይ ቁጥሮች ያስተያያል። ካልተመሳሰሉ የሁለት ኖቶች ግማሽ ተጋጥሟል ማለት ነው፤ ያኔ በቅናሽም አይወስደውም።

ቅናሹ አግባብ ይሁን አይሁን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ይኸንኑ ኖት ካንተ ብገዛ በስንት ትሰጠኛለህ?» በ145 የተቀበለውን አምስት በ146 ከሸጠ በእርግጥም ርካሽ ዕቃ ነው። በ152፣ በመቶዎቹ መሸጫ ዋጋ፣ ከጠየቀ ግን ልዩነቱን በሁለቱም በኩል እየበላ ነው። ይህ ሁሉ የመንገድ ላይ ገበያ ጠባይ ነው፤ ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር መመንዘር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ኋላ ላይ የሐሰት ኖት ቢገኝ የት ተብሎ ይከሰሳል? ባንኮችና ከ2024 እ.ኤ.አ. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የተፈቀደላቸው ቢሮዎች ግን ደረሰኝ ይሰጣሉ።