ድምዳሜው ከማስረጃው ሲያልፍ፦ ለጆርናል ገምጋሚዎች መልስ እንዴት ይጻፋል?

ገምጋሚዎች ከሚሰጧቸው አስተያየቶች ሁሉ የዶክትሬት ተማሪን ይበልጥ የሚያስጨንቀው “ድምዳሜው ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ሄዷል” የሚለው ነው። ሠንጠረዥ ተዛብቷል ወይም የናሙና አወሳሰዱ አልተብራራም ከተባለ የሚሠራው ይታወቃል። ይህኛው ግን የጽሑፉን ዋና ሐሳብ ስለሚነካ ብዙዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ በደብዳቤው ላይ ረጅም ክርክር ይከፍታሉ፤ ሌሎቹ የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረው “ተስተካክሏል” ብለው ይልካሉ። ሁለቱም ጽሑፉን በሁለተኛው ዙር ውድቅ ያስደርጉታል። መፍትሔው ያለው በጽሑፉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ድምዳሜው ማስረጃው እስከሚደርስበት ድረስ ይመለሳል፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ያንን ለመዘገብ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የሕብረተሰብ ጤና የዶክትሬት ተማሪ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናትን መረጃ ተጠቅማ ጽሑፍ ላከች እንበል። ተማሪዋም የገምጋሚዎቿ አስተያየትም ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው፤ የዳሰሳ ጥናቱ ግን እውነተኛ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተካሄደ ሲሆን 15,683 ሴቶች ተጠይቀውበታል። ተማሪዋ የጤና ባለሙያ ቤታቸው ድረስ የጎበኛቸው እናቶች ካልተጎበኙት ይልቅ በጤና ተቋም የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኘችው። የትምህርት ደረጃን፣ የኑሮ ሁኔታንና የመኖሪያ ቦታን ከግምት አስገብታም ልዩነቱ አልጠፋም። ስለዚህ እንዲህ ብላ ደመደመች፦ “የቤት ለቤት ጉብኝት ምክር በመስጠት በጤና ተቋም መውለድን ያሳድጋል፤ ጉብኝቱ ቢስፋፋ የእናቶች ሞት ይቀንሳል።” አንደኛው ገምጋሚ ይህ ከማስረጃው ያለፈ ነው አለ። ሁለተኛው ደግሞ ውጤቱ ለአገሪቱ በሙሉ ሊነገር አይችልም ሲል ጨመረበት።

አስተያየቱን መበተን

መልስ ከመጻፍ በፊት አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ከጽሑፍዎ የተወሰደውን የድምዳሜ ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው ከሥሩ ያለውን ማስረጃ፣ በሦስተኛው በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍተት ያስፍሩ። የተማሪዋ አንድ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ አራት የተለያዩ አባባሎች ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ዳሰሳ ጥናቱ የወሊድ ቦታን የሚጠይቀው ባለፉት አምስት ዓመታት ስለተወለዱ ልጆች ነው። ስለ ጉብኝት የሚጠይቀው ግን ስላለፉት 12 ወራት ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የወለደች እናት ባለፈው ወር ብትጎበኝ፣ ጉብኝቱ ያኔ የት እንደምትወልድ ሊወስን አይችልም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ በጤና ተቋም የወለደች እናት ስሟ መዝገብ ላይ ስላለ ለሕፃኑ ክትባት ሲባል ልትጎበኝ ትችላለች። ገምጋሚው ይህን በስም ላይጠቅሰው ይችላል። ተማሪዋ ራሷ አግኝታው በደብዳቤው ላይ ብትጽፈው ግን አዘጋጁ አስተያየቱ ከልብ እንደተወሰደ ይረዳል።

ሁለተኛው የመንስኤነት አባባል ነው። ለመንገድና ለጤና ጣቢያ የቀረበ መንደር ባለሙያ በቀላሉ ይደርስበታል፤ እናቶቹም ለመውለድ በቀላሉ ይሄዳሉ። ሁለቱን ያገናኛቸው ቅርበቱ እንጂ ጉብኝቱ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛው “ምክር በመስጠት” የሚለው ነው። ተማሪዋ የተጠቀመችበት ጥያቄ ባለሙያ መጥቷል ወይስ አልመጣም ከሚለው ያለፈ ነገር ስለማይነግራት፣ በዕለቱ ስለ ወሊድ ይወራ አይወራ አታውቅም። አራተኛው የእናቶች ሞት ነው። በትንተናዋ ውስጥ ስለ ሞት አንድም መለኪያ የለም።

ለእያንዳንዱ ክፍተት ውሳኔ መስጠት

ክፍተቶቹ በአንድ ዓይነት መልስ አይዘጉም። የሞቱ ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል፤ ክርክር አያስፈልገውም። የምክሩ ነገር ከድምዳሜው ወጥቶ በውይይት ክፍል ወደፊት ሊጠና የሚገባው ግምት ተብሎ ይቀመጣል። ጊዜንና ቅርበትን በተመለከተ ግን ተጨማሪ ትንተና መሥራት ይቻላል፤ ድካሙ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ለጊዜው ችግር ትንተናውን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በተወለዱ ልጆች ብቻ መድገም ይቻላል። ከአምስት ዓመት የአንዱን ብቻ ስለምታስቀር ናሙናው በእጅጉ ይቀንሳል፤ የግምቱ ክልልም ይሰፋል። ልዩነቱ ቢጠብ ወይም ቢጠፋ እንኳ ውጤቱን እንዳለ ማቅረብ ግዴታ ነው። ልዩነቱ ሳይጠፋ ቢቆይም ጉዳዩ አላለቀም። በዚያው ዓመት ውስጥም ጉብኝቱ ከወሊዱ በኋላ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ትንተና ጥርጣሬውን ያቃልላል እንጂ አያስወግደውም። ይህን ገደብ ገምጋሚው ከመናገሩ በፊት ተማሪዋ ራሷ ትጻፈው።

ለቅርበቱ ብዙ ተማሪዎች የጂፒኤስ መረጃውን ተጠቅመው እስከ ጤና ተቋሙ ያለውን ርቀት ለማስላት ይነሣሉ። የተጠያቂዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ግን የናሙና ቦታዎቹ ሆን ተብሎ ከትክክለኛ ሥፍራቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ የሚሰላው ርቀት ግምታዊ ነው። ርቀት ሕክምና ለማግኘት ትልቅ ችግር እንደሆነባቸው ሴቶቹ ራሳቸው የመለሱትን አብሮ ማስገባት ይጠቅማል፤ ይህም ተደርጎ ቢሆን ያልተለካ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል መግለጽ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ጽሑፉን ማረም

ድምዳሜውን በመጨረሻው አንቀጽ ብቻ አርሞ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ገምጋሚ ሁለተኛውን ረቂቅ ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያየው ርእሱንና አጽሕሮቱን ነው። በሕብረተሰብ ጤና ጽሑፎች ርእስ ላይ “ወሳኝ ምክንያቶች” የሚለው አባባል ከልማድ የተነሣ ይገባል፤ በአንድ ወቅት በተሰበሰበ መረጃ ላይ የቆመ ጥናት ግን “ተያያዥ ሁኔታዎች” ከሚለው አይዘልም። “አሳደገ”፣ “አስከተለ”፣ “ተፅዕኖ” እና የመሳሰሉትን ቃላት በኮምፒውተሩ የፍለጋ ትእዛዝ ከርእሱ ጀምሮ እስከ ሥዕል መግለጫዎቹ ድረስ አንድ በአንድ ይፈልጓቸው።

ሲያርሙ አንድ ወጥመድ አለ። “ያሳድጋል” የሚለውን “ሊያሳድግ ይችላል” ብሎ መለወጥ አባባሉን አያጠብበውም፤ ያው የመንስኤነት አባባል በለሰለሰ ድምፅ መደገሙ ነው። በእኔ እምነት ከሙሉ እርግጠኝነት ይልቅ ይህ ይበልጥ ያሳስታል፤ ጥንቃቄ ይመስላልና። የሚያስፈልገው ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ በግልጽ መናገር ነው። የተማሪዋ ዓረፍተ ነገር ታርሞ እንዲህ ይሆናል፦ “ከዳሰሳ ጥናቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት ቤታቸው የተጎበኘ እናቶች፣ ካልተጎበኙት ይልቅ በጤና ተቋም ወልደው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ጉብኝቱ ከወሊዱ መቅደሙን መረጃው አያሳይም።” ይህ ዓረፍተ ነገር ከቀድሞው ያነሰ ይላል፤ የሚለው ሁሉ ግን ከሥሩ ማስረጃ አለው።

ደብዳቤው

ደብዳቤው ለአዘጋጁ ይጻፋል። በሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ምስጋናውንና ዋናውን ለውጥ ይናገራል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ገምጋሚ አስተያየት ቁጥር ሰጥቶ ሳይቆርጥና ሳያሳጥር ይገለብጣል። ከእያንዳንዱ ሥር መልሱ፣ የታረመው ዓረፍተ ነገርና የሚገኝበት ገጽና መሥመር ይከተላሉ። የመሥመር ቁጥሮቹን መጨረሻ ላይ ይሙሉ፤ በእርማት መካከል ስለሚንሸራተቱ ገምጋሚው ሌላ ቦታ ሊያገኛቸው ይችላል።

ለአንደኛው ገምጋሚ የሚሰጠው መልስ ይህን ይመስላል፦

“በአስተያየትዎ እንስማማለን። መረጃው ጉብኝቱ በጤና ተቋም መውለድን ማሳደጉን አያሳይም። ጽሑፉን ስንመረምር ተጨማሪ ችግር አግኝተናል፤ ጉብኝቱ የተጠየቀው ላለፉት 12 ወራት ሲሆን የወሊድ ቦታው ግን ላለፉት አምስት ዓመታት ነው። ስለዚህ ትንተናውን ባለፉት 12 ወራት በተወለዱ ልጆች ብቻ ደግመን ውጤቱን በአዲስ ሠንጠረዥ አቅርበናል። ይህም የቅደም ተከተሉን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ እንደማይፈታ በውይይት ክፍል ገልጸናል። ርእሱን፣ አጽሕሮቱንና ድምዳሜውን አርመናል። የእናቶችን ሞት የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘናል።”

መልሱ የመጀመሪያው ረቂቅ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ አያስረዳም፤ ገምጋሚውንም አያሞካሽም። ተስማምቷል፣ ሠርቷል፣ ቦታውን አሳይቷል።

የማይስማሙበት ላይ

የሁለተኛው ገምጋሚ አስተያየት በከፊል ትክክል አይደለም፤ ስለዚህ ልትከራከር ይገባታል። የዳሰሳ ጥናቱ ናሙና አገሪቱንና ክልሎቿን እንዲወክል ሆኖ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ የናሙና ክብደቱ በትክክል ከተሰላ ውጤቱን ለአገሪቱ መናገር ይቻላል። በአስተያየቱ ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ። በ2016ቱ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ጥናት 48 በመቶ ደርሰዋል። በሦስት ዓመት ይህን ያህል በተለወጠ ሁኔታ የ2016ቱን ግንኙነት የዛሬ አድርጎ መጻፍ አይቻልም። መልሱ ስለዚህ ሁለት ክፍል አለው፦ “ናሙናው አገር አቀፍ ስለሆነ የቦታውን ስፋት ጠብቀነዋል፤ ምክንያቱንም በስልት ክፍል አብራርተናል። ጊዜውን ግን ዳሰሳ ጥናቱ በተካሄደበት ወቅት ወስነን፣ በድምዳሜው የነበረውን የአሁን ጊዜ አገላለጽ ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጠናል።” አለመስማማት የሚጸናው እንዲህ ከመረጃው አሰባሰብ በተነሣ ምክንያት ሲደገፍ ነው። “ሌሎችም እንዲህ ጽፈዋል” የሚለው መከራከሪያ አይሠራም፤ ሌሎቹም ከማስረጃቸው አልፈው ሊሆን ይችላል።

ከመላኩ በፊት

አማካሪውና አብረው የጻፉት ሁሉ ደብዳቤውንም የታረመውን ጽሑፍም ማንበብ አለባቸው። አንዳንድ አማካሪ “ድምዳሜው ደከመ” ብሎ የቀድሞውን እንዲመለስ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ ባለ ሦስት ዓምዱን ወረቀት አቅርቦ “ይህን ዓረፍተ ነገር ከመለስነው በሁለተኛው ዓምድ ምን እንጽፋለን?” ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ይበጃል። ተጨማሪው ትንተና ከቀነ ገደቡ የሚያልፍ ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ ለአዘጋጁ ጽፎ ማራዘሚያ መጠየቅ የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ጥናቱን የማያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባ ርእሱንና አጽሕሮቱን ብቻ እንዲያነብ ሰጥተው፣ ጽሑፉ ምን እንደሚል በራሱ ቃል እንዲነግርዎ ይጠይቁ። “ቤት ለቤት መሄድ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ያደርጋል” ካለዎት፣ በአጽሕሮቱ ውስጥ ያላዩት ቃል አለ። ፈልገው ያርሙት፤ በደብዳቤው ላይ ያሰፈሩትን የመሥመር ቁጥርም እንደገና ያስተካክሉ።