«ይህ በሬ» እና «ይህ በሬው»

ቅርብ ያለውን ነገር ስንጠቁም «ይህ» እንላለን። ራቅ ያለውን ደግሞ «ያ» እንለዋለን። እንዲህ ያሉ ቃላት ጠቋሚ ቃላት ይባላሉ።

ጠቋሚ ቃል ከሚጠቁመው ስም ጋር ይስማማል። እነዚህን አንብቡ።

ይህ በሬ መጣ።
ይህች ላም መጣች።
እነዚህ ከብቶች መጡ።

ለሩቅ ሲሆን ያ በሬ፣ ያች ላም፣ እነዚያ ከብቶች ይባላል። ብዙ ሲሆን ወንድና ሴት አይለይም። ሽማግሌን ስናከብር ደግሞ «እኚህ ሽማግሌ መጡ» እንላለን። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ግሡ ግን እንደ ብዙ ይነገራል። በንግግር «ይሄ»፣ «ይቺ» ብንልም ስንጽፍ «ይህ»፣ «ይህች» እንላለን።

አሁን አንዲት ፊደል የምታመጣውን ለውጥ እንይ። የአንድ ገበሬ በሬ ጠፋ እንበል። ጎረቤቱ ወንዝ ዳር አንድ ከብት አገኘና ሰው ጠራ።

«ይህ በሬ ነው» ቢል፣ የከብቱን ዓይነት ነገረን። ላም ወይም ጊደር አይደለም ማለቱ ነው። የማን እንደሆነ አልተናገረም።

«ይህ በሬው ነው» ቢል ግን፣ ስንፈልገው የሰነበትነው በሬ ራሱ ይህ ነው ማለቱ ነው። «ው» የምትጨመረው በሚታወቅ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው መሰከረ ማለት ነው። የጠፋችው ላም ብትሆን «ይህች ላሟ ናት» ይል ነበር።

እዚህ ላይ «ይህ» ለብቻው ቆሟል፤ ከ«በሬው» ጋር አልተጣመረም። ስለዚህ «ይህ በሬው ታመመ» ብንል ጆሮ አይቀበለውም። ወይ «ይህ በሬ ታመመ»፣ ወይ «በሬው ታመመ» ማለት አለብን። «ይህ» ካለ በሬው የትኛው እንደሆነ ታውቋልና «ው» አያስፈልግም።

ቅጽል በመካከል ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። «ይህ ጥቁር በሬ የእኔ ነው» ስንል በሬውን ጠቁመን መልኩን ተናገርን። «ይህ ጥቁሩ በሬ የእኔ ነው» ስንል ግን ሌላ በሬ፣ ምናልባት ቀይ፣ አጠገቡ አለ። ከሁለቱ ጥቁሩን ለይተን መረጥን። ምልክቱ የገባው በቅጽሉ ላይ እንጂ በስሙ ላይ አለመሆኑን አስተውሉ።

ይህ የሽያጭ ውል ስንጽፍ ይጠቅመናል። «ይህን በሬ ሸጥሁ» ብለን ብንጽፍ፣ ከዓመት በኋላ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ጣታችንን አያይም። ሻጩ ሁለት በሬ ከነበረው ክርክር ይነሣል። ስለዚህ መጀመሪያ «አንድ ጥቁር በሬና አንድ ቀይ በሬ አለኝ» ብለን እንጻፍ። ቀጥለን «ጥቁሩን በሬ ሸጥሁ» እንበል። ከዚያ በኋላ «ይህ በሬ» ብንል የተሸጠው ጥቁሩ እንደሆነ አንባቢው ያውቃል።

መልመጃ

1. «ይህ ላም ወለደች» የሚለውን አርሙ።
2. «ያ ፈረስ ነው» እና «ያ ፈረሱ ነው» በምን ይለያያሉ?
3. ሁለት በጎች፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር፣ ከፊታችሁ አሉ። ነጩን ለይታችሁ የምትጠቁሙበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ።