የአማርኛ ኪቦርድ በስልካችን፦ አንዲት ቃል መልእክቱን ለሁለት ስትከፍለው



ቀበና ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች የቅዳሜ ደርስ ጥሪያችንን የምንልከው በቴሌግራም ብቻ አይደለም። ዳታ የማይገዛም፣ ቁልፍ ስልክ የያዘም ስላለ አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንልካለን። በቅርቡ የላክነው ጥሪ እንዲህ የሚል ነበር፦

```
wendmochna ehtoch, yekidamew ders kemegrib behuala kebena dildiy ategeb new. ustazu simetu enjemralen.
```

አንድ ወንድም ሲያነበው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «simetu» የሚለውን «ሲመጡ» ብለን ጻፍነው፤ እሱ ግን «ሲመቱ» ብሎ አነበበው። ኡስታዙ ሲመቱ ልንጀምር! በላቲን ፊደል ስንጽፍ ጥ እና ት፣ ቅ እና ክ፣ ጭ እና ች አንድ ላይ ይወድቃሉ። «ጠፋ» እና «ተፋ» ሁለቱም tefa ናቸው። አንባቢው ትክክለኛውን ቃል የሚያገኘው ከዙሪያው ገምቶ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ዙሪያው አይረዳውም።

ስለዚህ የአማርኛ ኪቦርድ እንጫን። Gboard ባለበት የአንድሮይድ ስልክ ላይ ማንኛውንም የመልእክት መጻፊያ ከፍተን፣ ከፊደሎቹ በላይ ያለውን የማርሽ ምልክት እንነካለን። ከዚያ Languages፣ ቀጥሎ Add keyboard፣ ከዝርዝሩ Amharic፣ በመጨረሻ Done። ስልካችን ሌላ ኪቦርድ ይዞ ከመጣ Gboard ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል፤ ሲከፈት ዋናው ኪቦርድ እንዲሆን ይጠይቀናል።

ከተጫነ በኋላ ከቦታ መስጫው ቁልፍ አጠገብ የሉል ምልክት ይታያል። እሱን አንዴ ስንነካ ወደ ቀጣዩ ቋንቋ ይሻገራል። ዐረብኛም የጨመርን ከሆንን (ብዙዎቻችን ጨምረናል) አንድ ንክኪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ላያደርሰን ይችላል። ያኔ የቦታ መስጫውን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ይሻላል፤ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ይወጣና የምንፈልገውን እንመርጣለን።

ሌላም ዓይነት ኪቦርድ አለ፦ በላቲን ፊደል በድምፅ እየጻፍን ወደ ግእዝ ፊደል የሚለውጥ። selam ስንል ሰላም ይሆናል። በእነዚህ ኪቦርዶች አብዛኛዎቹ ላይ ትንሹ t ት ሲሆን ትልቁ T ጥ ነው፤ ስለዚህ simetu ሲመቱ፣ simeTu ደግሞ ሲመጡ ይሆናል። ያ ወንድማችን የሳቀበት ስህተት እዚህ የሚታረመው በአንድ ትልቅ ፊደል ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ከሳቁ በኋላ ሌላ ሰው «kebena እኮ ከበና ተብሎም ይነበባል» አለ። እኛም ቸኩለን በቀጣዩ ሳምንት የሰፈሩን ስም ብቻ በግእዝ ፊደል ለውጠን ላክን። የተቆረጠብን ሒሳብ ግን እጥፍ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ አጭር መልእክት 1120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የግእዝ ፊደል ግን በዚያ የ7 ቢት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ 16 ቢት ይፈልጋል። ስለዚህ 70 ብቻ ይገባል። ደንቡ ደግሞ ለመልእክቱ በሙሉ አንድ ነው፤ አንዲት የግእዝ ፊደል ከገባች የላቲኖቹም እያንዳንዳቸው 16 ቢት ይይዛሉ።

የእኛን ጥሪ ክፍት ቦታዎቹን ጨምረን ቆጠርነው። ሙሉ በሙሉ በላቲን 102 ነው፤ ከ160 በታች ስለሆነ አንድ መልእክት። kebena በ«ቀበና» ሲተካ 99 ይሆናል፤ ያጠረ ይመስላል፣ ግን ጣሪያው 70 ስለሆነ ለሁለት ይከፈላል። ሲከፈል ክፍሎቹን መልሶ ለማያያዝ የሚያስፈልግ መረጃ ስለሚጨመር እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ለ40 ሰው ላክን ማለት 80 መልእክት ከፈልን ማለት ነው። አሁን ሁሉንም በግእዝ ፊደል እንጻፈው፦

«ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜው ደርስ ከመግሪብ በኋላ ቀበና ድልድይ አጠገብ ነው። ኡስታዙ ሲመጡ እንጀምራለን።»

ይህ 68 ነው፤ በአንድ መልእክት ይገባል! በላቲን «ወ» ለማለት ሁለት ፊደል፣ «ች» ለማለትም ሁለት ፊደል ስንጽፍ፣ በእኛ ፊደል አንድ ይበቃል። ስለዚህ የጣሪያው ማነስ ያን ያህል አይጎዳንም። ጉዳቱ የሚመጣው ስንቀላቅል ነው። እንግዲህ ለአጭር መልእክት ወይ ሁሉንም በላቲን፣ ወይ ሁሉንም በግእዝ እንጻፍ። በቴሌግራም ይህ ሒሳብ የለም፤ እዚያ እንደፈለግን እንቀላቅል።

ሳናውቀው የምንቀላቅልበት አንድ መንገድም አለ። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ቆይተን ወደ ላቲን ስንመለስ አንድ «።» ወይም «፣» ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እሷም የግእዝ ምልክት ናት። ኢሞጂም እንዲሁ ያደርጋል። በብዙ ስልኮች ላይ ስንጽፍ ከመላኪያው አጠገብ የቀረውን ፊደል የሚቆጥር ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር በአንድ ፊደል ምክንያት በድንገት ከወረደ የተደበቀች ምልክት አለችና ፈልገን እናጥፋት።

ለአሮጌ ቁልፍ ስልኮች ግን መጀመሪያ «ሰላም» ብቻ ልከን እንሞክር። የግእዝ ፊደል የሌለበት ስልክ ሦስት ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ለእነዚያ ሰዎች ጥሪውን በላቲን እንልካለን፣ simetu የሚለውንም «sidersu» ብለን እንቀይረዋለን።