ሥራ ስንፈልግ ቀን እንጻፍ

መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከተማ ወርዶ ሥራ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ግን አይበቃም። የት እንዳስገባንና መቼ እንደምንመለስ በቃል ብቻ ከያዝን ቀኑ ያልፍብናል።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ እንውሰድ። ቤቱ ከወረዳው ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ገበያው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጥር 8 ቀን ገበያ ወጥቶ ሳለ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የጥበቃ ሥራ ማስታወቂያ አየ። «ከዛሬ ጥር 8 ቀን ጀምሮ በ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ተመዝገቡ» ይላል። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። እስቲ እንቁጠር፤ ሐሙስ 8፣ ዓርብ 9፣ ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 13፣ ረቡዕ 14። ምዝገባው ረቡዕ ያበቃል። «በሚመጣው ገበያ እመዘገባለሁ» ቢል ኖሮ አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ጥር 12 ቀን የትምህርት ማስረጃውንና ኮፒውን፣ መታወቂያውንም ይዞ ሄደና ተመዘገበ። በዚያው ቀን ለትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያ ማመልከቻ አስገባ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲቀበል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ጠይቆ ጻፈ። ከየቢሮው ሳይወጣም «መቼ ልመለስ?» አለ። ማታ በደብተሩ ላይ ይህን ሠንጠረዥ አሰመረ።

| ቦታው | ቁጥር | የገባበት ቀን | የተሰጠው መልስ | የምመለስበት ቀን |
|---|---|---|---|---|
| ግብርና | 41 | ጥር 12 | የፈተናው ቀን ይለጠፋል | ጥር 15 |
| ጤና ጣቢያ | 63 | ጥር 12 | ሐሙስ ና | ጥር 15 |
| ትምህርት | 17 | ጥር 12 | ኃላፊው ገና አላየውም | ጥር 22 |

ሐሙስ ጥር 15 ተመለሰ። ፈተናው ሰኞ ጥር 19 መሆኑ ተለጥፏል፤ ቀኑን ጻፈ። ጤና ጣቢያው «ሰው ቀጥረናል» አለው። «ተዘጋ» ብሎ ጻፈበት። ከእንግዲህ ለዚያ ቦታ እግሩን አያደክምም፤ በምትኩ ሌላ ቦታ ፈልጎ አዲስ መስመር ይጨምራል።

ሰኞ ተፈተነ። ውጤቱ ጥር 29 ይለጠፋል ተባለ። ጥር 22 ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ መልሱ ያው «ገና አልታየም» ሆነ። አንድ መልስ ሁለት ጊዜ ሲደገም ደብዳቤው አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ቁጥር 17ን አሳይቶ «ደብዳቤዬ አሁን ማን ዘንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲፈለግ ከመዝገብ ቤት አልወጣም ነበር። ሠራተኛዋ ያን ጊዜውኑ ወደ ኃላፊው መራችውና «በሳምንቱ ተመለስ» አለችው። እሱም ጥር 29 ብሎ ጻፈ። እንግዲህ በአንድ ጉዞ ሁለቱን ጉዳይ ይጠይቃል ማለት ነው።

በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ የመጨረሻውን ዓምድ እናንብብ። ባዶ ከሆነ ቀን አልጠየቅንም። የተጻፈው ቀን ካለፈ ሳንሄድ ቀርተናል።

ጥያቄዎች
1. ማስታወቂያ ማክሰኞ ቢወጣ 5ኛው የሥራ ቀን መቼ ነው?
2. የመዝገብ ቁጥር ለምን ይጠቅማል?
3. በደብተራችሁ ሠንጠረዡን አስምሩና ሁለት ቦታ ሙሉበት።