ከልብ ምልክት ወደ «38 አለ?»

ወጣት፦ እትዬ፣ ቻናሌ ላይ የለጠፍኩት ቡናማ ጫማ ልብ በልብ ሆነ። ኢንቦክስ የገባ ግን አንድም ሰው የለም።

እትዬ፦ ከፎቶው ሥር ምን ብለህ ጻፍክ?

ወጣት፦ «ጥራት ያለው የቆዳ ጫማ። ዋጋ በኢንቦክስ። ለበለጠ መረጃ ያናግሩን። ላይክና ሼር ያድርጉ።»

እትዬ፦ ታዲያ ያልካቸውን አደረጉልህ እኮ! ሁለት ነገር ስትጠይቀው ሰው የሚቀለውን መርጦ ያልፋል። ላይክና ሼሩን አውጣው።

ወጣት፦ «ያናግሩን» የሚለውስ?

እትዬ፦ ምን ብሎ ያናግርህ? ጥያቄውን ራሱ ማሰብ ሊኖርበት ነው። አንተ አስብለት። የእግሩን ቁጥር የሚያውቀው እሱ ነው፣ መኖሩን የምታውቀው አንተ። ስለዚህ «ቁጥርዎን ብቻ ይላኩ፣ መኖሩን እንነግርዎታለን» በል። «38» ብሎ መላክ ማንንም አያደክምም።

ወጣት፦ ዋጋውን ከጻፍኩ ግን ማን ይጠይቀኛል?

እትዬ፦ ዋጋ ስትደብቅ መልእክት ሊበዛልህ ይችላል፤ አብዛኛው ግን «ስንት ነው?» ብሎ ሲነገረው ይጠፋል። ዋጋውን አይቶ ቁጥሩን የላከ ሰው ሊገዛ አስቧል። እስቲ እንደገና ጻፈው።

ወጣት፦ «ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ከ37 እስከ 40፣ 2800 ብር። ቁጥርዎን ብቻ ይላኩ፣ መኖሩን እንነግርዎታለን።»

እትዬ፦ ጎሽ! አሁን ከሥሩ የራስህን ሊንክ አድርግ። ለጫማው መለያ ስጠው፣ B12 እንበል፦

```
https://t.me/yourname?text=B12
```

በ`yourname` ፋንታ የራስህን ዩዘርኔም ታስገባለህ። ገዢው ሊንኩን ሲነካ ካንተ ጋር ያለው ቻት ይከፈታል፣ B12ም መጻፊያው ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ቁጥሩን ጨምሮ ይልካል። አንተም የትኛውን ጫማ እንደፈለገ ሳትጠይቅ ታውቃለህ።

ወጣት፦ «2 ጥንድ ብቻ ቀርቷል» ብዬ ላጣድፋቸው?

እትዬ፦ እውነት ከሆነ ጻፍ፣ ሲያልቅም ፖስቱን አስተካክል። በየሳምንቱ «2 ጥንድ» ካልክ ማንም አያምንህም። ደግሞ «እንነግርዎታለን» ብለህ እስከ ማታ ከቆየህ ከሌላ ገዝቶ ታገኘዋለህ። ስትመልስም «አዎ አለ» ብለህ አታቁም፤ «38 አለ። የት እናድርስልዎ?» በለው።

ወጣት፦ አጻጻፉ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

እትዬ፦ ልቡን ተወውና ከፖስቱ ሥር ካለችው ዓይን አጠገብ ያለውን ቁጥር እይ፤ ስንት ጊዜ እንደታየ ይነግርሃል። ከዚያ በB12 የመጡትን መልእክቶች ቁጠር። በሌላ ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ጫማ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለውጠህ በB13 ለጥፍ። ፎቶውንም ዋጋውንም አብረህ ከለወጥክ ግን መልእክቱን ያመጣው የቱ እንደሆነ አታውቅም።