ከጐተራና ከጕድጓድ የወጣ ዘር የመብቀል ልዩነት እንዴት እንደሚመረመር

ማሽላ በጕድጓድ ተከቶ ሲቈይ ከመሬቱ ርጥበት ስለሚስብ፥ ለመብል የሚሆነው እህል የመብቀል ኀይሉ ደክሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለገበሬ የሚታደለው ዘር ከወዴት ይውጣ ብሎ የሚቈርጥ ሹም አስቀድሞ ሁለቱን አብቅሎ ማስተያየት ይገባዋል።

ለምሳሌ ከጐተራ 400፥ ከጕድጓድም 400 ፍሬ በርጥብ ጨርቅ ላይ ተደርጎ፥ ከፊተኛው 348፥ ከኋለኛው 320 በቀለ እንበል። ይኸውም ከመቶ 87 እና ከመቶ 80 ነው፤ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ጐተራ እንኳ ሁለት ጊዜ 400 ፍሬ ቢወሰድ የበቀለው ቍጥር እኩል ስለማይወጣ፥ ይህ 7 በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራውም እንዲህ ነው። ሁለቱ ዘሮች አንድ ናቸው ተብሎ ለጊዜው ይታሰብና የበቀለው ሁሉ ይደመራል፤ ከ800 ፍሬ 668 ስለ በቀለ 0.835 ይሆናል፥ ያልበቀለውም 0.165 ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይባዙና፥ የተገኘው ደግሞ በ1/400 እና በ1/400 ድምር፥ ማለት በ0.005 ይባዛል። የዚህ ካሬ ሥር 0.0262 ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው ልዩነት የሚለካበት ልክ ይህ ነው። 0.07 ለ0.0262 ሲካፈል 2.67 ይወጣል፤ ይህም ዜድ ይባላል። ዘሮቹ በእውነት አንድ ቢሆኑ ዜድ ከ1.96 በላይ ወይም ከ−1.96 በታች የሚሆነው ከመቶ ሙከራ በ5ቱ ያህል ብቻ ነው፤ 2.67ን የሚያህል ልዩነት ግን ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የጕድጓዱ ዘር ደካማ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ልክ 7 ነው ብሎ ይቈርጣል። ወሰኑን ለማግኘት ግን፥ ዘሮቹ አንድ ናቸው የተባለው አሳብ ስለ ቀረ፥ ልኩ ለየብቻ ይሰላል፤ 0.87 × 0.13 ለ400፥ 0.80 × 0.20 ለ400 ተካፍለው ሲደመሩ ካሬ ሥራቸው 0.0261 ነው። ይህ በ1.96 ሲባዛ 0.051 ስለሚሆን፥ ወሰኑ ከመቶ ከ1.9 እስከ 12.1 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ስሌት ከመቶ ጊዜ በ95ቱ እውነተኛውን ልዩነት በወሰኑ ውስጥ ይይዛል። ልዩነቱ 2 ከሆነ ዘሩን ጥቂት በመጨመር ይካካሳል፤ 12 ከሆነ ግን የጕድጓዱን ለመብል ትቶ የጐተራውን ለዘር ማስቀረት ይሻላል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ፍሬውን አብዝቶ እንደገና መቍጠር ነው።

ፍሬው ከየወገኑ 100 ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ 87 እና 80 በቅሎ እንኳ ዜድ 1.33 ብቻ ይሆን ነበር፤ ወሰኑም ከ−3.2 እስከ 17.2 ስለሚሆን ምንም አያስቈርጥም። ይህም ማለት ዘሮቹ እኩል ናቸው ማለት ሳይሆን፥ ማስረጃው አነሰ ማለት ነው።

ደግሞ ፍሬው ከጕድጓዱ አፍ ብቻ ተዘግኖ እንደ ሆነ ስሌቱ ከንቱ ነው፤ ከአፉም ከመካከሉም ከሥሩም ተውጣጥቶ ከተደባለቀ በኋላ ሳይመርጡ ይቈጠር። እንዲህም ሆኖ ከአንድ ጕድጓድ የተገኘው ፍርድ ለዚያው ጕድጓድ እንጂ ለወረዳው ጕድጓዶች ሁሉ አይሆንም።