ሰርጉ ካለፈ በኋላ ለአየር መንገዱ የሚጻፍ ደብዳቤ

እኛ አቤቱታ ስንጽፍ ሆዳችንን ማስነበብ እንወዳለን። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ እናት በር በሩን ስታይ፣ ሚዜነቱ ለሌላ ሲሰጥ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። የአየር መንገዱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ግን ከዚህ አንዱንም አይፈልገውም። እሱ የሚያየው ከየት ተነሳችሁ፣ ስንት ሰዓት ዘገያችሁ፣ ለምን የሚሉትን ሦስት ነገሮች ነው። ደብዳቤያችሁም እነዚህን መልሶ የሚያበቃ ደረቅ ደብዳቤ መሆን አለበት።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ጉዳይ እናስብ። ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ሴት ከባሏና ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ለእህቷ ሰርግ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች። ሰርጉ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026። ቀጥታ በረራው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ እሑድ ጧት 1 ሰዓት ይገባል ተብሏል። ሞተር ላይ ብልሽት ተገኘና አውሮፕላኑ በማግስቱ ቀን ተነሣ። አዲስ አበባ ደርሶ በሩ የተከፈተው እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ሰርጉ አልቋል፤ መልሱ ላይ ብቻ ደረሱ።

ይህ ቤተሰብ የሚተማመንበት ሕግ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ኢሲ 261/2004 ነው። ደንቡ ከኅብረቱ አገር አየር ማረፊያ በሚነሣ ማንኛውም በረራ ላይ ይሠራል፤ አየር መንገዱ የአውሮፓ ይሁን የአፍሪካ ወይም የባሕረ ሰላጤው ለውጥ የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስትመለሱ ግን ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መመለሻው ላይ በዘገየ አፍሪካዊ አየር መንገድ ላይ ይህን ቁጥር ጠቅሶ ይጽፍና «አይመለከተንም» ይባላል። ከለንደን ለተነሣ ሰው እንግሊዝ ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ ለረጅም በረራ 520 ፓውንድ ታስከፍላለች። ከአሜሪካ ለተነሣ ግን ለመዘግየት ብቻ ቁርጥ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የለም፤ እዚያ ያለው ኋላ የምናነሣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው።

መድረሻው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ካሳው ለአንድ ሰው 600 ዩሮ ነው። መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ አየር መንገዱ በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። የሚቆጠረው መነሻው ሳይሆን መድረሻው ነው፤ የመድረሻ ሰዓት የሚባለውም ጎማው መሬት የነካበት ሳይሆን ቢያንስ አንዱ በር የተከፈተበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓቱን ፎቶ አንሡ። የልጁ ትኬት የተከፈለበት ስለሆነ እሱም ሙሉ 600 ዩሮ አለው። ለቤተሰቡ 1,800 ዩሮ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ ሰርግ ላመለጠውም ለሽርሽር ለሄደውም እኩል ነው። ሰርጉን ጠቅሳችሁ 5,000 ዩሮ ብትጠይቁ ደብዳቤው ወደ ድርድር ይገባና ወራት ይፈጃል። ሰርጉ የሚጠቅማችሁ በሌላ በኩል ነው፤ በመዘግየቱ ምክንያት በከንቱ የወጣ ገንዘብ ካለ ለብቻው ይጠየቃል። ኢትዮጵያም ጀርመንም የፈረሙት የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19 ይህን ይፈቅዳል፤ አየር መንገዱ ጉዳቱን ለማስቀረት አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካላስረዳ በስተቀር። የእኛ ቤተሰብ ለእሑዱ አጀብ ከነሹፌሩ መኪና ተከራይቶ 15,000 ብር ከፍሏል፤ መኪናው ቆሞ ዋለ። ይህ ይጠየቃል። የሐበሻ ቀሚሱ አይጠየቅም፤ ቀሚሱ እጃችሁ ላይ አለ። ሐዘኑም አይጠየቅም። ችግሩ ማስረጃው ነው፤ ሹፌሩ ደረሰኝ አልሰጠ ይሆናል። በቴሌብር ወይም በባንክ የተላለፈበት ማረጋገጫ ካለ እሱን አያይዙ። እጅ በእጅ ከፍላችሁ ምንም ወረቀት ከሌላችሁ ተዉት፤ ደካማው ጥያቄ ጠንካራውን ያዘገየዋል። አየር መንገዱ የ600 ዩሮውን ካሳ ከዚህ ጉዳት ላይ ሊቀንስ እንደሚችልም እወቁ።

ደብዳቤው በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አካሄዱ ግን እንዲህ ነው፦

«በቦታ ማስያዣ ቁጥር … የተመዘገብን ሦስት መንገደኞች ነን። ጃንዋሪ 24 ቀን 2026 ከፍራንክፈርት 22:00 መነሣት የነበረበት በረራ ቁጥር … አዲስ አበባ መድረስ የነበረበት ጃንዋሪ 25 ቀን 07:00 ነበር። በሩ የተከፈተው በዚያው ቀን 22:25 ነው፤ መዘግየቱ 15 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። በደንብ ኢሲ 261/2004 መሠረት በነፍስ ወከፍ 600 ዩሮ፣ በድምሩ 1,800 ዩሮ በሚከተለው የባንክ ሒሳብ እስከ … ቀን ድረስ እንድትከፍሉን እንጠይቃለን። ቫውቸር አንቀበልም። ከዚህ ተለይቶ፣ በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19 መሠረት፣ ማስረጃው የተያያዘውን የመኪና ኪራይ 15,000 ብር እንጠይቃለን።»

ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑን በፈረንጅ ጻፉ። «4:25» ብላችሁ ብትልኩ እነሱ ሌሊት አሥር ሰዓት ከ25 ብለው ያነቡታል፤ ከታቀደው ሰዓት ቀድማችሁ ደረሳችሁ ማለት ነው! የመክፈያ ቀነ ገደብ ሁለት ሳምንት በቂ ነው፤ ግን «በቅርቡ» ሳትሉ ቀኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ።

ከሚመጡት መልሶች አንዱ «ብልሽቱ ከአቅም በላይ ነው» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር እንደወሰነው ተራ የቴክኒክ ብልሽት የአየር መንገድ ሥራ አካል ስለሆነ ከአቅም በላይ አይባልም። አውሎ ነፋስ፣ የአየር ክልል መዘጋት፣ የማማ ሠራተኞች አድማ ግን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሳፈሪያው በር ላይ ቆማችሁ እያላችሁ ምክንያቱን ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውንም ፎቶ አንሡ። ኋላ ላይ «አየሩ ነበር» ቢሉ መልስ አላችሁ። ሌላው መልስ የሚያምር የቫውቸር ግብዣ ነው። ካሳው በገንዘብ መከፈል አለበት፤ በቫውቸር የሚሆነው እናንተ ፈርማችሁ ስትስማሙ ነው። ያልገባችሁን ሊንክ «ተቀብያለሁ» ብላችሁ አትጫኑ። አየር ማረፊያ የሰጧችሁ ሳንድዊች ግን ሌላ ነው፤ ምግብና ማደሪያ ማቅረብ ግዴታቸው ስለሆነ በልታችሁ ካሳውን ትጠይቃላችሁ።

ዝም ካሉ ወይም እምቢ ካሉ፣ ጥያቄያችሁ ከደረሳቸው ሁለት ወር በኋላ ጀርመን ውስጥ ወዳለው የጉዞ አስታራቂ ድርጅት መሄድ ይቻላል፤ ለመንገደኛ ነጻ ነው። አየር መንገዱ አባል ካልሆነ በፌዴራል የፍትሕ ቢሮ ሥር ያለው አስታራቂ ጉዳዩን ይይዘዋል። ካሳ እናስከፍላለን የሚሉ ድርጅቶች ካገኙት ላይ ትልቅ ድርሻ ስለሚቆርጡ ከዚህ በፊት ባትሰጧቸው ይሻላል። የደንቡ ካሳ ጀርመን ውስጥ የሚያልፍበት ከሦስት ዓመት በኋላ በዓመቱ ማብቂያ ነው፤ ለዚህ ቤተሰብ ዲሴምበር 31 ቀን 2029። የመኪናው ኪራይ ግን በሞንትሪያል ስምምነት ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው፤ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2028 በፊት ክስ ካልቀረበበት ይቀራል። የደንቡ ካሳ ክስ አውሮፕላኑ የተነሣበት አካባቢ በሚገኘው የፍራንክፈርት ወረዳ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን ክፍያ አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ካሸነፋችሁ አየር መንገዱ ይመልሳል።